ፓይለት ሲጨንቀው ለምን «ሜይዴይ» ይላል?

ጥያቄ፦ ፊልም ላይ አውሮፕላን ሊወድቅ ሲል ፓይለቱ «ሜይዴይ! ሜይዴይ!» ይላል። እኔ ሜይ ዴይ ብዬ የማውቀው ሚያዝያ 23 የሚከበረውን የሠራተኞች ቀን ነው። ይገናኛሉ እንዴ? ደሞ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል «እርዱኝ» ቢል ምን ችግር አለው? ለምን የፈረንጅ ቃል ያስሸመድዷቸዋል?

መልስ፦

አይገናኙም። የሠራተኞች ቀኑ ሜይ ዴይ እንግሊዝኛ ነው፤ ሲጻፍም ሁለት ቃል ነው። የፓይለቶቹ ሜይዴይ ተገጣጥሞ ነው የሚጻፈው፤ ዘሩም ፈረንሳይኛ ነው። ተመሳስለው የሚሰሙት እንግሊዞች የፈረንሳይኛውን ድምፅ ለአፋቸው በሚመች፣ ድሮም በሚያውቁት ቃል ስለያዙት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ለንደን ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የከተማዋ ዋና አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ያለው ክሮይደን ነበር። ከክሮይደን ከሚነሱት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ባሕሩን ተሻግረው ፓሪስ፣ ለቡርዤ ነበር የሚያርፉት። ራዳር የለም። መሬት ላይ ያለው ሰው አውሮፕላኑ የት እንዳለ የሚያውቀው ፓይለቱ በሬዲዮ ሲነግረው ብቻ ነው። አንዱ ሞተሩ ባሕር ላይ ቢጠፋበት፣ ድምፁን የሚሰማው የክሮይደኑ እንግሊዝ ይሁን የለቡርዤው ፈረንሳዊ አይታወቅም። ሁለቱም እኩል መረዳት አለባቸው።

በዚያን ጊዜ ክሮይደን ውስጥ ፍሬድሪክ ስታንሊ ሞክፎርድ የሚባል የሬዲዮ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሁለቱም ወገን ሲሰማው ወዲያው የሚገባው የጭንቅ ጥሪ ቃል ፈልግ ተባለ። እሱም ፈረንሳዮቹ «ቬኔ ሜዴ» የሚሉትን አሰበ። ትርጉሙ «ኑ እርዱኝ» ነው። «ቬኔ»ን ቆርጦ ጣለና «ሜዴ»ን ብቻ አስቀረ። በእንግሊዝኛ አፍ «ሜይዴይ» ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች። ፈረንሳዊ ሲጨንቀው «ሜዴ» ብሎ አይጮህም። «ኦ ስኩር» ነው የሚለው፤ ወይም «ኤዴ ሟ»። ብቻዋን የቆመች «ሜዴ» ለፈረንሳዊ የተቆረጠች ሐረግ ናት። እንግሊዙም ቢሆን ቃሉን ሰምቶ ትዝ የሚለው የበዓል ቀን ነው። ስለዚህ ሞክፎርድ የመረጠው ቃል ለሁለቱም ጆሮ ቅርብ ነው፤ ሁለቱም ግን በተራ ወሬ መሐል አይሉትም። አስቦበት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቃሉ ትልቁ ጥቅም ግን ይኼው ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

«ኤስ ኦ ኤስ አልነበረም ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ነበረ። በ1906 በርሊን ላይ አገሮች ተስማምተውበት በ1908 ሥራ ላይ ውሏል። ግን የሞርስ ምልክት ነው። ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር፤ ሳይቆራረጥ በአንድ ላይ ይላካል። «ነፍሳችንን አድኑ» ማለት ነው የሚባለው በኋላ የመጣ ፍቺ ነው። ፊደሎቹ የተመረጡት ምልክቱ በጆሮ በቀላሉ ስለሚለይ ነው። በጣት ለሚመታ ሞርስ ድንቅ ነው። በአፍ ሲነገር ግን ተበላሸ።

ምክንያቱ «ኤስ» የሚለው ድምፅ ነው። በስልክ ስም ሲያጽፉ «በኤስ ነው በኤፍ?» ተብለው ያውቁ ይሆናል። ሁለቱ የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ባለችው ፉጨት ብቻ ነው። የ«ሰ» ፉጨት ጉልበቱ በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። የመገናኛ ሬዲዮ ግን በግምት ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ፉጨቷ በመንገድ ትቀራለች። የሞተር ጩኸት ሲጨመርበት «ኤስ ኦ ኤስ» እና «ኤፍ ኦ ኤፍ» አንድ ይሆናሉ። የእንግሊዝ ጋዜጦች በ1923 ስለ አዲሱ ቃል ሲዘግቡ የሰጡት ምክንያት ይኼው የኤስ ችግር ነበር። «ሜይዴይ»ን ይሞክሩት። ፉጨት የለውም። «መ» እና «ደ» ጉሮሮን የሚያስተጋቡ ድምፆች ናቸው፤ ሁለቱ «ኤይ»ዎች ደግሞ ተጎትተው ይሰማሉ። ግማሹ በጫጫታ ቢዋጥ እንኳ የቀረው ግማሽ ያስታውቃል።

በ1927 ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰበው የዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ቃሉን በአፍ ለሚደረግ የጭንቅ ጥሪ መደበኛ አደረገው። ኤስ ኦ ኤስ ለሞርስ ቀረ። ፈረንሳይኛ በዚያ ዘመን የዲፕሎማሲና የቴሌግራፍ ስምምነቶች ቋንቋ ስለነበር ሌሎቹም የሬዲዮ ቃላት ከዚያው ተቀዱ። «ፓን ፓን» ብልሽት ከሚለው «ፓን» ነው የመጣው፤ አስቸኳይ ነገር አለ፣ ግን ለጊዜው ሞት አልመጣም ማለት ነው። «ሴኩሪቴ» የማስጠንቀቂያ መግለጫ ሲከተል ነው፤ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ኮንቴይነር ታየ፣ ማዕበል መጣ የመሳሰለው። መርከብ ላይ የሠራ ሰው «ሲሎንስ ሜይዴይ» የሚለውንም ያውቃል። የጭንቅ ጥሪ እየተስተናገደ ነውና ሌላው ሁሉ አፉን ይዝጋ ማለት ነው። ሲያልቅ «ሲሎንስ ፊኒ» ይባላል። ከፊሊፒንስ የመጣ መርከበኛ፣ ከግሪክ የመጣ ካፒቴን፣ ሁሉም እንደዚያው ይላታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። ለምን «እርዱኝ» አይበቃም?

ይህን ለማስረዳት ከሁሉ የሚሻለው የአቪያንካ በረራ 52 ነው። ቀኑ ጥር ውስጥ ነው፤ ጃንዋሪ 25፣ 1990። የኮሎምቢያው አቪያንካ ቦይንግ 707 ከሜዴሊን ተነስቶ ኒውዮርክ፣ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ነው። 158 ሰው ጭኗል። ኒውዮርክ አየሩ ተበላሽቷል፤ ጭጋግና ነፋስ። አውሮፕላኖች ተደራርበው ሰማይ ላይ ይዞራሉ። በረራ 52 ሦስት ቦታ ላይ በአየር ላይ ዙር ተባለ፦ መጀመሪያ ቨርጂኒያ አካባቢ፣ ቀጥሎ አትላንቲክ ሲቲ አካባቢ፣ በመጨረሻ ኬኔዲ ደጃፍ። ሲደመር 77 ደቂቃ።

ከምሽቱ 2፡45 ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ ተቆጣጣሪው ገና ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሚጠብቁ ነገራቸው። ረዳት ፓይለቱ በሬዲዮ «ቅድሚያ የሚያስፈልገን ይመስለኛል» አለ። ተቆጣጣሪው ምን ያህል መቆየት እንደሚችሉና ተለዋጭ ማረፊያቸው የት እንደሆነ ጠየቀ። «አምስት ደቂቃ ያህል፤ ከዚያ በላይ አንችልም» አለ። ተለዋጩ ቦስተን ነበር፤ አሁን ግን እዚያ ለመድረስ ነዳጅ እንደማይበቃቸው ተናገረ።

ይህን ሲያነቡ «ታዲያ ተናገረ አይደል?» ይላሉ። እውነትዎን ነው። ግን ንግግሩ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ምን እንደሆነ ይመልከቱ። አጠገቡ ያለው ባልደረባ ለሚቀጥለው የቁጥጥር ክፍል ስልክ ደውሎ ያስተላለፈው አምስት ደቂቃ ብቻ መዞር እንደሚችሉ ነው። «ቅድሚያ» የሚለው አልተላለፈም። ቦስተን መድረስ አለመቻላቸውም አልተላለፈም። አዲሶቹ ተቆጣጣሪዎች የተረከቡት ተራውን ጠብቆ የሚያርፍ አንድ ተራ አውሮፕላን ነው።

አውሮፕላኑ ለማረፍ ወረደ። ነፋሱ ክፉ ነበር፤ ማኮብኮቢያው ሳይታያቸው ከመሬት ተጠጉና ተመልሰው ወደ ላይ ወጡ። በዚያ ነዳጅ ይህ ማለት ሞት ማለት ነው። ኮክፒት ውስጥ በስፓኒሽ ነው የሚያወሩት። በሬዲዮ በእንግሊዝኛ የሚያናግረው ረዳቱ ነው። ካፒቴኑ «አስቸኳይ አደጋ ላይ ነን በላቸው» አለው። ረዳቱ ሬዲዮውን ተጭኖ መጀመሪያ የተሰጠውን አቅጣጫ ደገመ፤ እንደገና እንደሚሞክሩም ተናገረ፤ መጨረሻ ላይ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ ጨመረ። «አደጋ» የሚለው ቃል አልወጣም። ካፒቴኑ ነገርካቸው ወይ ብሎ ሲጠይቀው አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ አለ። በራሱ ቤት እውነቱን ነው። ነዳጅ እያለቀ ነው ካለ ሌላ ምን ይበል?

ተቆጣጣሪው ጋ ግን ዐረፍተ ነገሩ ሌላ ክብደት ነው ያለው። ያን ሌሊት ሰማይ ላይ ሲዞር ያመሸ ሁሉ ነዳጁ እያለቀ ነው። ነዳጅ እያለቀ ነው ማለት ዜና ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ከአሥር አውሮፕላን አንዱን ለይቶ ቀድመህ አሳርፍ አይልም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑን 15 ማይል ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወስዶ ሊመልሰው እንደሆነ ነገረና ለእናንተም ለነዳጃችሁም ይስማማችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ረዳት ፓይለቱ የመለሰው «ይመስለኛል፤ በጣም አመሰግናለሁ» የሚል ነበር።

ይቺን መልስ የአበሻ ልጅ ይረዳታል። ይሉኝታ ነው። የራሱን ሕይወት ጨምሮ 158 ሰው ይዞ፣ ማንንም ላለማስቸገር «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በሬዲዮ የሚሰማው ድምፅም የተረጋጋ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። ያኔም እንኳ ያለው ሞተሮች እንደጠፉባቸውና «እባካችሁ ቅድሚያ» እንደሚያስፈልጋቸው ነው። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ኮቭ ኔክ የምትባል ሰፈር ኮረብታ ላይ ወደቀ። 73 ሰው ሞተ። እሳት አልተነሳም፤ የሚቃጠል ነዳጅ አልነበረማ።

የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ጥፋት የጣለው ሠራተኞቹ ላይ ነው፤ ነዳጃቸውን በአግባቡ አልያዙም፣ አደጋ ላይ መሆናቸውንም አላሳወቁም ብሎ። የአየር ትራፊክ አያያዙንም ወቅሷል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ለትንሽ ነዳጅና ለአደገኛ የነዳጅ ሁኔታ ፓይለትም ተቆጣጣሪም እኩል የሚረዱት መደበኛ አባባል አለመኖሩን እንደ አንድ ምክንያት ቆጥሮታል።

እንግዲህ «ሜይዴይ» የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ተራ ቋንቋ ልክ አለው፣ ትሕትና አለው፣ «ይመስለኛል» አለው፣ የድምፅ ቃና አለው። «ቅድሚያ» ማለት ለአንዱ ሕይወት አድን ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከተቻለ ትንሽ ቶሎ በሉልን ነው። «ሜይዴይ» ልክ የለውም። ትንሽ ሜይዴይ፣ ትልቅ ሜይዴይ የሚባል የለም። ደንቡ «ከባድ ወይም ደጃፌ የደረሰ አደጋ ላይ ነኝ፤ እርዳታው አሁን ይድረስልኝ» ብሎ ተርጉሞታል። አንዴ ከተባለ ሌላው ሥራ ሁሉ ወደኋላ ይቀራል፤ ፓይለቱ በለሆሳስ ይበለው በጩኸት፣ በስፓኒሽ ቅላጼ ይበለው በአማርኛ። ተቆጣጣሪው ተረክቦ ለሌላው ሲያስተላልፍም ቃሉ አይሟሽሽም። በስልክ «አንድ ሜይዴይ አለህ» ከተባለ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቃሉ ባዕድ መሆኑ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። «እርዳታ» የሚለው ቃል በሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። እርዳታ አያስፈልገኝም፣ ስላገዝከኝ አመሰግናለሁ፣ የሻንጣ መጫኛ እርዳታ ላኩልኝ። ጫጫታ ውስጥ ሆኖ ከዐረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ብቻ የደረሰው ሰው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። «ሜይዴይ» ሌላ ሥራ የለውም። ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ አይመጣም። ጆሮ በደመ ነፍስ ይይዘዋል።

ሦስት ጊዜ መባሉም ምክንያት አለው። አንዱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተባለ ስለ ሌላ ሰው ሜይዴይ የሚወራ ሊመስል ይችላል። «ቅድም የሰማሁት ሜይዴይ ምን ሆነ?» ከሚለው ይለይ። ሁለተኛው፣ የአውሮፕላን ሬዲዮ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ነው። ቁልፉን ሲጫኑ የመጀመሪያው ቃል ሊቆረጥ ይችላል፤ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረም ይዋጣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። ጃንዋሪ 15፣ 2009 ከኒውዮርኩ ላጋርዲያ ማረፊያ ተነስቶ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው የዩኤስ ኤርዌይስ 1549 ነው። ካፒቴን ሰለንበርገር ወፎች ሁለቱንም ሞተር እንደመቱበት ሦስቴ «ሜይዴይ» ብሏል፤ የኮክፒት መቅጃው ይዞታል። ተቆጣጣሪው ግን በዚያችው ሴኮንድ ለዚያው አውሮፕላን የአቅጣጫ ትእዛዝ እየሰጠ ነበርና ሜይዴዩ አልደረሰውም። የደረሰው ተከታዩ ነው፦ ወፍ መታን፣ የሁለቱም ሞተር ግፊት ጠፋ፣ ወደ ላጋርዲያ እየተመለስን ነው። ካፒቴኑ የበረራ ቁጥሩን እንኳ 1539 ብሎ ተሳስቷል። ቢሆንም ተቆጣጣሪው ወዲያው የላጋርዲያን መነሻዎች አስቆመ።

ይህን የማነሳው ቃሉ ድግምት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። «ሁለቱም ሞተር ጠፋ» የሚል ዐረፍተ ነገር ራሱ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ችግሩ የሚመጣው የአቪያንካው ዓይነት ነገር ላይ ነው። ነዳጅ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው፤ «አሁን ነው አደጋ» የምትባል ደቂቃ በግልጽ አትታይም። እንዲህ ላለው በ2012 ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሁለት ቋሚ አባባሎችን አስገባ። የመጀመሪያው «ሚኒመም ፊውል» ነው። የማርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ከእንግዲህ ብታዘገየኝ መጠባበቂያዬን እነካለሁ ማለት ነው። ይህ ገና የጭንቅ ጥሪ አይደለም፤ ቅድሚያም አያሰጥም። ሁለተኛው «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ፊውል» ነው። ስሌቱ ሳርፍ ከመጨረሻው መጠባበቂያ በታች እንደምሆን ሲያሳይ የሚባል ነው። ለጄት አውሮፕላን ያ መጠባበቂያ የ30 ደቂቃ በረራ ነው። ልብ ይበሉ፤ ፓይለቱ ይጨንቀው አይጨንቀው አልተጠየቀም። ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ ቃሉን ማለት ግዴታው ነው። ይሉኝታ ቦታ የላትም። በረራ 52 ላይ ይህ ደንብ ቢኖር ኖሮ፣ ረዳት ፓይለቱ ኬኔዲ ደጃፍ እየዞረ እያለ የሚለው ተጽፎ ይጠብቀው ነበር።

ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውም እንደዚሁ በቅደም ተከተል የተቀመጠ ነው። መርከብ ላይ እንውሰደው፤ ብዙዎች የመርከቦች የጭንቅ ጥሪ መስመር በሆነው በቻናል 16 የሚሰሙት እሱን ነው። ውሃ የገባባት አንዲት የጭነት መርከብ ብትኖር፣ «ጣና» እንበላት፣ እንዲህ ትላለች፦ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ጣና ነኝ፣ ጣና፣ ጣና። ሜይዴይ ጣና። ያለሁበት ቦታ ይህ ነው። የሞተር ክፍል ውሃ ገብቶበታል፣ እየሰመጥን ነው። አስቸኳይ እርዳታ እፈልጋለሁ። 14 ሰው አለን። ወደ ሕይወት ማዳኛ ጀልባ ልንወርድ ነው።» ቦታው ከችግሩ በፊት መምጣቱን ልብ ይበሉ። ሬዲዮው እዚያ ላይ ቢቋረጥ ምን እንደደረሰባቸው ባይታወቅም የት እንደሚፈለጉ ታውቋል። አውሮፕላን ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያል፤ ፓይለቱ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደገጠመውና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ያስቀድማል፤ ራዳሩ ላይ 7700 የሚለውን ኮድ ስለሚያበራ ቦታው ብዙ ጊዜ ይታያል። ተቆጣጣሪው መልሶ ከሚጠይቃቸው ሁለቱ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለና ስንት ሰው እንደተሳፈረ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሁለተኛውን ብዙዎቹ «ስንት ነፍስ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ስንት ሰው እንደሚፈልጉ የሚያውቁት ከዚያ መልስ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስሸመድዱት ለሌላም ምክንያት ነው። የደነገጠ ሰው ዐረፍተ ነገር መሥራት ያቅተዋል። ቃል ይጠፋበታል፣ ከመሐል ይጀምራል፣ ዋናውን ይረሳል። አፍ የለመደው ነገር ግን ሳይታሰብ ይወጣል። በሁለተኛ ቋንቋው ለሚናገር ደግሞ እጥፍ ነው። በጭንቅ ሰዓት በእንግሊዝኛ አዲስ ዐረፍተ ነገር ከመፍጠር ሦስት ጊዜ «ሜይዴይ» ማለት እንዴት እንደሚቀል ለእኛ አይነገረንም።

ቦሌ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ፓይለትና አማርኛ ተናጋሪ ተቆጣጣሪ በእንግሊዝኛ የሚያወሩት ለምንድን ነው የሚል ጥያቄም ይነሳል። በዚያው ሞገድ ላይ የቱርክ፣ የዱባይ፣ የኬንያ አውሮፕላን አለ። አንዱ አደጋ ላይ ከሆነ ሌሎቹ ሰምተው መንገድ መልቀቅ፣ ዝም ማለት፣ ከቻሉም ጥሪውን ማስተላለፍ አለባቸው። ለዚያም ቃል ተሰጥቶታል፤ «ሜይዴይ ሪሌይ» ይባላል። ጥሪው ታወር ላይ ሳይደርስ ከላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ከሰማው፣ እሱ ተቀብሎ የሌላ ሰው መሆኑን ገልጾ ያስተላልፋል።

በቀልድ «ሜይዴይ» ማለት ደግሞ በብዙ አገር ያሳስራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከእውነተኛው የሚለይበት መንገድ ስለሌለ ጀልባም ሄሊኮፕተርም ይወጣል።

ሰው ሊሞት ሲል በገዛ ቋንቋው ቢናገርስ ላሉት፣ ደንቡ አይከለክለውም። አደጋ ላይ ያለ አውሮፕላን ወይም መርከብ ትኩረት ለመሳብ በእጁ ባለው ማንኛውም መንገድ መጠቀም እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል፤ ሌላ ቋንቋም፣ ብርሃንም፣ ተኩስም ቢሆን። ቃሉ የጠፋበት ፓይለት ቦሌ አካባቢ ሆኖ «ኧረ ጉድ ሆንን፣ ሞተሩ ጠፋ!» ቢል ታወር ያለው ልጅ ከመቀመጫው ይነሳል። ካርቱም ወይም ናይሮቢ ላይ ሆኖ ቢለው ግን ተቆጣጣሪው «ድገምልኝ» ይለዋል።